የ13 ገጽ ስብከት ለ40 ደቂቃ መድረክ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። እስከ ዓርብ ማታ 34 መልስ ደረሰኝ። ክሩ ስለረዘመ መሀል ላይ የገቡ ሰዎች ከየት ተነስተን የት እንደደረስን ጠፋባቸው። ስለዚህ ጠያቂው እኔው በቅደም ተከተል ልተርከው። የማንንም ቃል አልገለብጥም። “ተባረክ” ብቻ ብለው ያለፉትን ዘልያቸዋለሁ፤ እነሱም ይባረኩ።

መነሻው ጥያቄ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለችን። አዳራሿ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ከበረታ ሰባኪው ቆሞ ይጠብቃል። በሙያዬ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ በወር አንዴ መድረክ ይሰጠኛል። የፊታችን እሑድ ተራዬ ነው፤ ሽማግሌዎቹ 40 ደቂቃ ሰጥተውኛል። የመረጥኩት ጥቅስ ኤርምያስ 29፥11 ነው። በሰርግ ካርድ ላይ፣ በታክሲ መስታወት ላይ፣ በግድግዳ ካሌንደር ላይ የምናውቀው፣ “ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ” የሚለው። ርዕሱን “እግዚአብሔር ለሕይወትህ ዕቅድ አለው” አልኩት። በእጅ ስጽፈው 13 ገጽ ወጣኝ።

ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኳቸው። ምን ልቁረጥ? የቱ ጋ አይገባም? ሰው ሰኞ ጠዋት ምን ያድርግ ብዬ ልጨርስ? ከቃሉ ያፈነገጥኩበትስ ቦታ አለ? እነዚህን ነው የጠየቅኩት። ጨዋነት ከጉድለት ስለማያድን እንዳያባብሉኝም ለምኜ ነበር። ይህቺን ልመና በኋላ ተጸጽቼባታለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ጥያቄዬን አልተረዳውም። የተዘጋጀ ስብከት የምፈልግ መስሎት የራሱን ላከልኝ። በዚሁ ጥቅስ ላይ የሠራው ሲሆን ሦስቱም ነጥቦቹ በ“መ” ይጀምራሉ፤ መታመን፣ መታገሥ፣ መቀበል። ሳልለውጥ እንድሰብከው ፈቅዶልኛል። አመስግኜ አለፍኩ።

መልስ 2

ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ አንድ ወንጌላዊ ናቸው። ክሩን የያዙት እሳቸው ናቸው ማለት እችላለሁ። ረቂቁን እንድዘጋውና ስብከቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ርዕሴን ደግሜ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም ያ ዓረፍተ ነገር ከምዕራፉ ሳይሆን ከካርዱ ላይ የመጣ መሆኑን ነገሩኝ። ከቁጥር 11 ሳይሆን ከቁጥር 1 ጀምሬ እስከ 14 ሦስት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘዙኝ። በየጊዜው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ፤ ማን ጻፈው? ለማን? ሰዎቹ ምን ሊሰሙ ጠብቀው ነበር?

አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ደነገጥኩ። ይህ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ባቢሎን ላሉ ምርኮኞች ነው። እነሱ ቶሎ እንመለሳለን ብለው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ተቀምጠዋል። ደብዳቤው ግን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ ይነግራቸዋል። የመመለሻው ጊዜ 70 ዓመት ነው። ቁጥር 11 የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩልኝ። ጥቅሱ “ለእናንተ” ሲል እኔ ርዕሱ ላይ “ለሕይወትህ” ብዬዋለሁ። አማርኛ ብዙውን ከነጠላ በግልጽ ስለሚለይ ማምለጫ የለኝም። ደብዳቤው ለአንድ ግለሰብ የሥራ ዕድል ሳይሆን ለአንድ ሕዝብ የተላከ ነበር።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው ወንድም ወንጌላዊውን ተቃወመ። በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ ያለው ቃል ሻሎም መሆኑን አስረዳ። ሻሎም ደግሞ ጸጥታ ብቻ አይደለም፤ ጤና፣ ደህንነት፣ ሙላት ይጨምራል። ስለዚህ ጥቅሱ ብልጽግናን ለየግላችን ተስፋ ይሰጣል፣ ረቂቁም እንዳለ ደህና ነው ሲል ደመደመ።

ይህ ሰው ግማሽ መንገድ ልክ ነበር። ወንጌላዊው ስለ ቃሉ ስፋት አልተከራከሩትም። ወደ ቁጥር 7 ብቻ መለሱት። እዚያ ያው ቃል ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ የተማረኩባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ በእርስዋ ሰላም የእናንተ ሰላም ይሆናል የሚለው ቦታ ላይ። የቀድሞው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በሁለቱም ቁጥሮች “ሰላም” ስለሚል ዕብራይስጥ የማያውቅ ሰው ዝምድናውን ማየት ይችላል። የቁጥር 11 ሰላም ከጎረቤት ሰላም ተነጥሎ ለብቻ የሚታፈስ አይደለም። ሦስተኛው ወንድም አልተረታም፤ ግን አልመለሰም።

መልስ 5

አንዲት እህት የራሷን ታሪክ ይዛ መጣች። ስለ ረቂቁ ምንም አላለችም። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ አገልጋይ ይህንኑ ጥቅስ ጠቅሶ በሁለት ዓመት ውስጥ ከባሏ ጋር ውጭ አገር እንደምትገናኝ ነግሯት ነበር። እሷም ሥራዋን ለቀቀች፤ የቤት ዕቃ ሸጠች። ሁለት ዓመቱ አለፈ። አሁን ጥቅሱ የተጻፈበትን ካሌንደር ስታይ ፊቷን እንደምታዞር ጻፈች።

የወንጌላዊው መልስ አጭር ነበር። አንድ ምዕራፍ ወደኋላ ሄዳ 28ን እንድታነብ ነው የመከሯት። እዚያ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በቤተ መቅደሱ፣ በሕዝብ ፊት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ ተናገረ። ከኤርምያስም አንገት ላይ ቀንበሩን ወስዶ ሰበረ። የተናገረው በአምስተኛው ወር ነው፤ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። ማለት የ29ኙ ደብዳቤ የተጻፈው ልክ እሷ የሰማችውን ዓይነት ተስፋ ለማረም ነው። እህት ምዕራፉን አንብባ ተመለሰች። በዚህ ጥቅስ ላይ ስብከት ስትሰማ 12 ዓመት እንደሆናት፣ ሐናንያን ግን ማንም ነግሯት እንደማያውቅ ጻፈች። ማታ መተኛት አቃተኝ። በእኔም 13 ገጽ ውስጥ ሐናንያ አልነበረም።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው ሰው ታሪክ ይወዳል፤ አነጋገሩም ቆጣ ያለ ነው። ረቂቄ ገጽ 3 ላይ ደብዳቤው ቤተ መቅደሱ ከተቃጠለ በኋላ እንደተጻፈ ይላል። ስህተት ነው። ደብዳቤው የተላከው ንጉሡ ኢኮንያን ከተማረከ በኋላ ነው፤ ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ገደማ የሆነ ነው። ኢየሩሳሌምና ቤተ መቅደሱ ገና ቆመው ነበር። የፈረሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ደብዳቤውን ያደረሱትም ንጉሡ ሴዴቅያስ ወደ ናቡከደነፆር የላካቸው ሰዎች ናቸው።

ይህን እንደ ጥቃቅን የዓመተ ምሕረት ጭቅጭቅ ላልፈው ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ከተማዋ ቆማ ከሆነ ምርኮኞቹ እንመለሳለን ማለታቸው ሞኝነት አይደለም። ቤታቸው አለ፤ መቅደሳቸው አለ። እንጀራው ገና ሳይበርድ እንደሚመለስ ሰው ነበሩ። ደብዳቤው መራራ የሆነባቸው ለዚህ ነው።

ሰባተኛው 70 ዓመቱ ከየት እስከ የት እንደሚቆጠር አነሳ። አንዱ ከ586 መፍረስ እስከ 516 መታነጽ ነው አለ። ሌላው ባቢሎን በኃይል ከተነሳችበት እስከ 539 ውድቀቷ ድረስ ቆጠረ። ሌላው ደግሞ 70 የአንድ ሰው ዕድሜ ምሳሌ እንደሆነ ከመዝሙር 90 ጠቀሰ። አልተስማሙም፤ አሁንም አልተስማሙም። እኔ መድረክ ላይ አንዱንም አልነካም። ለስብከቱ የሚያስፈልገኝ፣ ደብዳቤውን የሰማ ጎልማሳ ራሱ እንደማይመለስ ማወቁ ብቻ ነው። የሚመለሱት ልጆቹ ናቸው።

ከ8 እስከ 10

ስምንተኛው የቤተ ክርስቲያን ስብከቶችን ቀድቶ የሚያስተካክል ልጅ ነው። ስለ ሥነ መለኮት አላወራም። ቆሜ፣ በመድረክ ድምፅ፣ አንድ ገጽ እንዳነብና በስልኬ ሰዓት እንድይዝ ነገረኝ። ተቀምጦ በለሆሳስ ማንበብ ያታልላል፤ ፈጣን ነው። አንድ ገጽ 4 ደቂቃ ወሰደብኝ። 13 ገጽ ማለት 52 ደቂቃ ነው። 12 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀነሰው ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ሰዓት አልቆየም። ልጁ ቱሉ ዲምቱ ስትሉ በአስተርጓሚ አይደለም ወይ የምትሰብኩት ብሎ ጠየቀኝ። ነው። ግማሹ ምዕመናችን የአካባቢው ነባር ነዋሪ ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጎማል። ስለዚህ 52 ደቂቃው 104 ሆነ። የሂሳብ መምህር ሆኜ በሁለት ማባዛት መርሳቴን ዘጠነኛው መልስ ሳይቀልድበት አላለፈም።

ስሌቱ እንዲህ ወጣ። 40 ደቂቃ አለኝ። ክፍሉን ከቁጥር 1 እስከ 14 ማንበብ በአማርኛ 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ በሁለት ቋንቋ 6። የቀረው 34 ነው። የእኔ ድርሻ ግማሹ፣ 17 ደቂቃ። በገጽ አራት ትንሽ አለፍ ያለ።

አሥረኛው መንፈስ ቅዱስ በስልክ ሰዓት አይለካም ብሎ ተቆጣ። በእነሱ ዘንድ ሁለት ሰዓት የሚሰበክ እንደሆነና ማንም ንቅንቅ እንደማይል ጻፈ። ስምንተኛው ቅጂዎቹን እንደሚያዳምጥ ብቻ መለሰለት። ከ40 ደቂቃ በኋላ በማይኩ የሚገባው የሕፃን ልቅሶና የወንበር ድምፅ ነው።

መልስ 11

እዚህ ላይ የራሳችን አስተርጓሚ ክሩን አገኘው። እኩያዬ ነው፤ በጥሩ ልብ ነው የገባው። ገጽ 2 ላይ ያለችውን ይህችን ዓረፍተ ነገር መረጠ፦

“እግዚአብሔር በመከራ ውስጥ ለሚያልፉ ልጆቹ ያለውን መለኮታዊ ዓላማ ባለመረዳታቸው ምክንያት በተስፋ መቁረጥ ውስጥ የሚገኙትን ወገኖቹን በነቢዩ በኤርምያስ አማካይነት በላከው ደብዳቤ አጽናንቷቸዋል።”

ችግሩ የቃላቱ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳኝ። አማርኛም ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። እኔ ደግሞ የማቆመው ግሱ ላይ ሳይሆን ትንፋሼ ሲያልቅ ነው። “ባለመረዳታቸው ምክንያት” ብዬ ዞር ብዬ አየዋለሁ። እሱ ማን፣ ምን እንዳደረገ ገና አያውቅም። ገምቶ ይጀምራል፤ እኔ ሌላ ቦታ እጨርሳለሁ። አዳራሹ ሁለት የተለያየ ስብከት ይሰማል። አስተርጓሚው ይህን ሦስት ዓመት ሲሸከም ኖሯል፤ አንድም ቀን አልነገረኝም።

ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዲህ በጣጠስኳት፦

“ደብዳቤው የተጻፈው ለተማረኩ ሰዎች ነው። በቅርቡ እንመለሳለን ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ግን ትቆያላችሁ አላቸው። ቤት ሥሩ አላቸው።”

ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው። አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ግስ። በአንድ ትንፋሽ ግሱ ላይ ካልደረስኩ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል።

መልስ 12

ወንጌላዊው የመቁረጫ ዘዴ ሰጡኝ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን ከየትኛው ቁጥር እንደወጣ በእርሳስ እንድጽፍ። ከ1 እስከ 14 ባለው ውስጥ ቁጥር ያጣ አንቀጽ ይወጣል። ሠራሁት። አምስት ገጽ ሙሉ ቁጥር አጣ። ስለ ዓለማችን ሁኔታ የጻፍኩት መግቢያ ሄደ። የባቢሎን ታሪክ ሁለት ገጽ ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሌላ ቦታ ያሉ ጥቅሶች 19 ነበሩ። እያንዳንዱ እስኪገለጥ ግማሽ ደቂቃ ይበላል፤ ሁለት ብቻ ቀሩ።

የአውሮፕላኑ ታሪክ ላይ ግን ተሟገትኩ። ገጽ ተኩል ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሲጮህ አንዲት ሕፃን አባቷ ፓይለቱ ስለሆነ ዝም ብላ ትጫወታለች። ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ያመጣሁትም ለዚያ ነበር፤ ሰው ይወደዋል። ወንጌላዊው ሕፃኗ የቱ ቁጥር ላይ እንዳለች ጠየቁኝ። ደግሞም ታሪኩ የሚያስተምረው አውሮፕላኑ ቶሎ በሰላም እንደሚያርፍ ነው፤ ደብዳቤው ግን ገና አያርፍም ነው የሚለው። አወጣኋት። አሁንም ታሳዝነኛለች።

ከ13 እስከ 19

አንዲት በብሎክ ኮሚቴ ውስጥ ያለች እህት ስለ ማጠቃለያዬ ጻፈች። የእኔ ተዛምዶ “በእምነት እንጽና፣ በጸሎት እንበርታ፣ እርሱን እንጠብቅ” የሚል ነበር። ይህ በየትኛውም እሑድ፣ በየትኛውም ጥቅስ ሊባል የሚችል መሆኑን በትሕትና ጠቆመችኝ። ከዚህ ክፍል ብቻ የሚወጣ ምን አለ ብላ ራሷ መለሰች፤ እድር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሀል ከተማ ተነስተው ወደዚህ ከመጡት ብዙዎቹ አሁንም የሚከፍሉት ለድሮ ሰፈራቸው እድር ነው። ሰው ሲሞት በሁለት ታክሲ እዚያ ይሄዳሉ። ፎቃቸው ላይ ሰው ሲሞት ግን ስሙን አያውቁትም። ቤቱ እዚህ ነው፤ ልቡና ለቅሶው እዚያ ነው። ቤት ሥሩ፣ ትከሉ፣ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ ማለት ለእነሱ እዚህ እድር ግቡ ማለት እንደሆነ ጻፈች። በ13 ገጽ ያላገኘሁትን ነው በአንድ ቃል የሰጠችኝ።

ከዚያ ክሩ ተነጠቀ። 14ኛው የእድር መመዝገቢያ በዛ አለ። 15ኛው የቤተ ክርስቲያን እድር እያለ ከማያምን ጋር ለምን እንገባለን ብሎ ጠየቀ። 16ኛዋ ድንኳን የሚተክልልህ ጎረቤት ነው ወይስ ኳየር ብላ መለሰችለት። 17ኛው ስለ ቱሉ ዲምቱ አውቶቡስ ሰልፍ፣ 18ኛው ስለ ውኃ ፈረቃ አወራ። ቦኖ ከመቼ ወዲህ ሥነ ስብከት እንደሆነ 19ኛው ጠየቀ።

15ኛው ያነሳው ግን የእውነት ጥያቄ ነው። የአንዳንዱ እድር ደንብና ሥርዓት የአማኝን ሕሊና የሚነካበት ጊዜ አለ። ስለዚህ “ግቡ” የሚለውን ለስልሼ፣ በዚህ ሳምንት የብሎካችሁ እድር ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ጠይቁ አልኩት። የኮሚቴዋ እህት አነሰብኝ አለች። ሳያንስ አልቀረም።

መልስ 20 እና ከዚያ በኋላ የመጣው

በዚህ መሀል የተሻሻለውን ረቂቅ ለጥፌ ነበር። ስድስት ገጽ። መሀሉ ላይ በጣም የወደድኩት አንቀጽ አለ፤ እኛ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የመጣን ሰዎች የዘመኑ ምርኮኞች ነን፣ ይህ ባቢሎናችን ነው የሚል።

አስተርጓሚያችን ተመለሰ። በዚህኛው ቃናው ሌላ ነው። አያቱ ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ ብሎኮቹ ከቆሙበት ብዙ አይርቅም። እሑድ ዕለት የፊት ወንበር ላይ እናቱ ይቀመጣሉ። እኔ ይህ ባቢሎን ነው ስል እሱ ለእናቱ፣ ተወልደው ያደጉበት ምድር ባቢሎን እንደሆነ በገዛ አፉ ሊተረጉም ነው። እንዴት አድርጌ ልበለው ብሎ ጠየቀኝ። ስድብ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። ለሁለት ሰዓት ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

በእኔ ዝምታ ሌሎች ገቡበት። 21ኛው ፖለቲካ ወደ መድረክ አታምጡ አለ። 22ኛው ፖለቲካውን ያመጣው አስተርጓሚው ነው ብሎ ወቀሰው። 23ኛው ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች እንዳያለቅሱ ሊከለከሉ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። 24ኛው ደግሞ መሬታቸውን ያጡት የማን ናቸው ብሎ መለሰለት። ከዚያ የሚደገም አይደለም። አወያዩ ሁለት መልስ አጠፋ። ኤርምያስም ለዚያው ደብዳቤ ቁጣ ደርሶበታል፤ ሸማያ የሚባል ሰው እንዲህ የሚጽፈውን ለምን በእግር ግንድ አታስሩትም ብሎ ከባቢሎን ጽፏል። በእኛ ክርም ግንድ ብቻ ነበር የጎደለው።

መልስ 27

ነገሩን ያበረደው አንድ የኦርቶዶክስ ዲያቆን ነው። የእሱ መድረክ ዐውደ ምሕረት ነው፤ ለእኛ ዓይነት አሰባበክም ብዙ ፍቅር ያለው አይመስልም። ግን ቁጥር 4ን እንድናይ አደረገን። እዚያ ያስማረክኋቸው እኔ ነኝ የሚለው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ምርኮው ስለ ኃጢአት የመጣ ፍርድ ነበር። ስለዚህ ሰባኪ ተነስቶ እናንተ ምርኮኞች ናችሁ ካለ፣ ሳያስበው ሁለት ነገር ብሏል። ቤታችሁ የፈረሰው በኃጢአታችሁ ነው ብሏል። ያፈረሰውም እግዚአብሔር ነው ብሏል። ይህን የማለት ሥልጣን ከየት አገኘህ ብሎ ጠየቀኝ። የዚህ ነቢይ ልቅሶ፣ ሰቆቃወ ኤርምያስ፣ በእነሱ ዘንድ በሰሙነ ሕማማት እንደሚነበብም አስታወሰኝ። ለፈረሰ ቤት ልቅሶ ካስፈለገ እዚያ አለ፤ ደብዳቤው ላይ አትጫነው ነው ነገሩ።

የሥነ መለኮት ስህተት የምፈልገው በቃላት ትርጉም ውስጥ ነበር። እሱ ያገኘው በማመሳሰያዬ ውስጥ ነው።

ከ28 እስከ 31

ወንጌላዊው ሦስት ቀን ሙሉ ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ። ክርስቶስ የት አለ? ገጽ 6 ግርጌ ላይ አንድ መስመር አለኝ፣ ስሙ ይክበር የሚል። በቂ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ማቴዎስ ምዕራፍ 1ን እንድከፍት መከሩኝ፤ የትውልዱ ሐረግ በባቢሎን ምርኮ በኩል ነው የሚያልፈው። ኢኮንያንም ስሙ እዚያ አለ። ልጆች ውለዱ፣ አታንሱ የሚለው ትእዛዝ ባይታዘዝ ኖሮ የሚል ሰባኪ ይኖራል፤ እሳቸው ግን እንዲህ ያለ ግምት ውስጥ እንዳልገባ አስጠንቅቀውኛል። በባቢሎን የተወለዱት ልጆች ወደ ማን እንዳደረሱ ማሳየት ብቻ ይበቃል።

29ኛው በኤርምያስ 22 መጨረሻ ላይ ኢኮንያን ዘር እንደሌለው ሰው ተጻፈ መባሉን አነሳ፤ ታዲያ እንዴት በማቴዎስ ይገባል? 30ኛው በሉቃስ ሐረግ ሊፈታው ሞከረ። 31ኛው ከዘሩ ዙፋን ላይ የሚቀመጥ አይኖርም ማለት ነው አለ። እሑድ ላይ ስለማይጠየቅ ትቼዋለሁ፤ እነሱ ግን አሁንም እያወሩ ነው።

መልስ 32 እና 33

ዓርብ ቀትር ላይ አራተኛውን ረቂቅ ለጠፍኩ። አራት ገጽ ከሩብ። ዋናው ሐሳብ፦ “የመመለሻው ቀን በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ እስከዚያ ያላችሁበትን ቦታ ሰላም ፈልጉ።” ባቢሎን የምትለው ቃል የምትገባው ስለ እነዚያ የጥንት ሰዎች ሳወራ ብቻ ነው። ቱሉ ዲምቱን በምንም አላመሳሰልኳትም። ለአዲስ መጪው የብሎኩን እድር እንዲጠይቅ፣ ለሁሉም ደግሞ በሌላ ቋንቋ ከሚሰማው ጎረቤቱ ጋር በስም እንዲተዋወቅ ነው የጠየቅኩት።

ስድስተኛው፣ የታሪኩ ሰው፣ ምርጡን አንቀጽ አውጥተህ ለብ ያለ ነገር ተረፈህ አለኝ። የኮሚቴዋ እህት በሌላ በኩል ወቀሰችኝ፤ ደብዳቤው ለመጡት ብቻ የተጻፈ ነው፣ ለተቀበሉት ምንም የለውም፣ የአስተርጓሚው እናት ምን ይዘው ይሄዳሉ? ዘሌዋውያን 19 ላይ ስለ መጻተኛ የተነገረውን ልጨምር አሰብኩ። ግን ያ ሌላ ስብከት ነው፤ አንድ ገጽ ደግሞ 8 ደቂቃ ነው። አልጨመርኩም። እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ 34

የመጨረሻው የአስተርጓሚያችን ነው። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈ። ረቂቁን ለሁለት ቆመን እንድንለካው ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ እንድመጣ ጠየቀኝ። የቁጥር 7ን ሰላም ናጋ ብሎ ሊተረጉመው አስቧል፤ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ የሚጠያየቁበት ቃል ነው። ሦስቱንም ጊዜ እሱ ናጋ እስኪል ድረስ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እንዳልዘል ለመነኝ። ሁልጊዜ እዘላለሁ መሰለኝ።